የሥራ ጥሪ በኢሜል ሲመጣ መልሱ እንዴት ይጻፋል?

ዛሬ የምንነጋገረው ማመልከቻ አስገብቶ፣ ተፈትኖ፣ አልፎ፣ በመጨረሻ «ለሥራው መርጠንሃል» የሚል ደብዳቤ በኢሜል ስለ ደረሰው ሰው ነው። ኢሜል በስልክ ወይም በኮምፒዩተር የሚላክ ደብዳቤ ነው። ወረቀትና ቴምብር የለውም። ግን ደብዳቤ ነው። በአገራችን የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 መሠረት አንድ መልእክት በኤሌክትሮኒክ መንገድ ስለ ተላከ ብቻ ዋጋ የለውም አይባልም። ስለዚህ በኢሜል «እሺ» ያለ ሰው እሺ ብሏል።

ከካራቆሬ ወጣቶች ብዙዎቹ ሥራ የሚፈልጉት በዋናው መንገድ ላይ ወዳሉት ከተሞች ነው። አንዱ ወደ ላይ ከሚሴንና ሐርቡን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ ይሄዳል። ሌላው ወደ ታች አጣዬንና ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ይወጣል። ፋብሪካው ሩቅ ስለሆነ ነገሩ ሁሉ በኢሜል ይሄዳል። ጥሪው በኢሜል ይመጣል፤ መልሱም በኢሜል ይጠበቃል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ምሳሌው የእኛ ነው። ስም አንጠራም፤ ፋብሪካውንም አንጠራም። አንዲት የካራቆሬ ልጅ በሒሳብ አያያዝ ደረጃ 4 ተምራለች። ኮምቦልቻ ላለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ለረዳት ስቶር ኪፐርነት፣ ማለት ለዕቃ ግምጃ ቤት ረዳትነት አመለከተች። ረቡዕ ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. ኢሜል ደረሳት። ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ነው። ይዘቱ ባጭሩ ይኸ ነው፦ ለሥራው ተመርጠሻል። ደመወዙ በወር 9,000 ብር ነው። ሥራ የምትጀምሪው ሰኞ ኖቬምበር 10 ቀን 2025 ከጠዋቱ 8:00 ነው። የሙከራ ጊዜው ሦስት ወር ነው። የትምህርት ማስረጃ፣ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አራት ፎቶግራፍ፣ የጤና ምርመራ ውጤትና ተያዥ ታቀርቢያለሽ። እስከ ኖቬምበር 3 መልስ ስጪ።

ደስ ይላል። ግን «እሺ» ከመባሉ በፊት ላኪው ማን እንደሆነ መታየት አለበት። በኢሜሉ ራስጌ ላይ የላኪው አድራሻ አለ። በአድራሻው መካከል @ የምትባል ምልክት አለች። ከምልክቷ በኋላ ያለው ቃል ደብዳቤው ከየት ቤት እንደ ወጣ ይነግራል። ብዙ ድርጅት የራሱ ስም ያለበት አድራሻ አለው። ከ@ በኋላ gmail.com ብቻ ካለ ሐሰት ነው ማለት አይደለም፤ ትንንሽ ድርጅቶችም በዚያው ይጠቀማሉ። ያን ጊዜ በሥራ ማስታወቂያው ላይ ወደ ነበረው ስልክ መደወል ነው። በኢሜሉ ውስጥ ወደ ተጻፈው ስልክ ሳይሆን በማስታወቂያው ላይ ወደ ነበረው። ደግሞ «ለምዝገባ»፣ «ለዩኒፎርም»፣ «ለጤና ምርመራ» እያለ በቴሌብር ገንዘብ አስቀድመህ ላክ የሚል ጥሪ ከመጣ መልስም አያስፈልገውም። አጭበርባሪ ነው። የጤና ምርመራ ገንዘብ የሚከፈለው ለጤና ጣቢያው ነው፤ ለጠሪው አይደለም።

ልጅቱ ደወለች፤ ጥሪው እውነት ሆነ። አሁን ወደ መልሱ እንሂድ።

ማታ አጎቷ ደብዳቤውን አስነብቦ ሰማና «ዘጠኝ ሺህ ለኮምቦልቻ ኑሮ ምን አላት? አሥራ አንድ ካደረጋችሁልኝ እመጣለሁ በያቸው» አላት።

«ጋሼ፣ እምቢ ያልኩ አይመስልባቸውም?»

«ምን ይመስላል! መጠየቅ ነው እንጂ።»

እዚህ ላይ ልጅቱ ልክ ናት። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1694 ላይ እንዲህ ያለ ነገር ተደንግጓል፦ አንድ ሰው የቀረበለትን የውል ሐሳብ እንዳለ ሳይሆን ለውጦ ወይም «ይህ ከሆነ» ብሎ ከተቀበለ፣ የመጀመሪያውን ሐሳብ እንዳልተቀበለው ይቆጠራል። የእሱ መልስ አዲስ ሐሳብ ይሆናል። በገበያ ቋንቋ እንናገረው። ነጋዴው ማሾውን በዚህን ያህል ውሰድ ሲል ገዢው «በዚህ አይደለም፣ በዚያ ካደረግህልኝ» ቢል፣ የፊተኛው ዋጋ ከእጁ ወጥቷል። ነጋዴው ለሌላ ሰው ቢሸጥ አይከሰስም። የሥራ ጥሪም እንዲሁ ነው። «11 ሺህ ከሆነ እቀበላለሁ» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ፋብሪካውን ነፃ ታወጣዋለች። በማግስቱ ሁለተኛ የወጣውን ተወዳዳሪ ቢጠራ መብቱ ነው።

ታዲያ ደመወዝ አይጠየቅም ማለት ነው? አይደለም። ቢጠየቅም ይቻላል። ግን የሚጠይቅ ሰው ጥሪው ሊቀርበት እንደሚችል አውቆ፣ ያንንም ወዶ ይጠይቅ። ሥራውን እንዳያጣ የሚፈልግ ሰው ደግሞ መጀመሪያ «ተቀብያለሁ» ይበል፣ ከዚያ በታች ያልገባውን ይጠይቅ። ጥያቄና «ካልሆነ» አንድ አይደሉም። «የሙከራ ጊዜው ስንት ቀን እንደሆነ ቢገለጽልኝ» ጥያቄ ነው። «የሙከራ ጊዜው ካላጠረ አልመጣም» ሌላ ነገር ነው። ዝም ማለትም አያዋጣም። ዝምታ እንደ እሺታ አይቆጠርም፤ የተሰጠው ቀን ካለፈ ጠሪው አይጠብቅም።

ቀጥሎ ቀኑን እንመልከት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በዚህ ነው። ደብዳቤው «ኖቬምበር 10» ይላል። አንድ ጎረቤት ይመጣና «ኖቬምበር ማለት ኅዳር ነው፤ ስለዚህ ኅዳር 10 ነው» ይላል። ስህተት ነው። ኖቬምበር የሚጀምረው በእኛ ጥቅምት 22 ቀን አካባቢ ነው። በ2018 ዓ.ም. ኖቬምበር 10 የዋለው ኅዳር 1 ቀን ነው። ኅዳር 10 ብላ የምትሄድ ልጅ ዘጠኝ ቀን ዘግይታ ትደርሳለች። ቦታዋ ይቆያት ይሆን? አይመስለንም።

ይሄን ስህተት የሚያጋልጠው የሳምንቱ ቀን ነው። ሰኞ በሁሉም የቀን አቆጣጠር ሰኞ ነው። ደብዳቤው ሰኞ ብሏል። በግድግዳ ላይ ያለውን ካላንደር እንይ። ኅዳር 10 ቀን 2018 ረቡዕ ነው። አልገጠመም። ኅዳር 1 ሰኞ ነው። ገጠመ። እንግዲህ መልስ የሚጽፍ ሰው ሦስቱንም አንድ ላይ ይጻፍ፦ የሳምንቱን ቀን፣ የእኛን ቀን፣ የፈረንጁን ቀን። ደብዳቤው የሳምንቱን ቀን ባይጠቅስ እንኳ እሱ ይጥቀስ። 10/11/2025 ተብሎ በቁጥር ብቻ የመጣ ቀን ይበልጥ ያስቸግራል። አንዱ ወሩን ያስቀድማል፣ ሌላው ቀኑን ያስቀድማል። አንዱ ኖቬምበር 10 ሲል ሌላው ኦክቶበር 11 ይለዋል። በቁጥር የመጣውን በወር ስም ጽፎ መመለስ ነው።

ሰዓቱም እንደዚያው ነው። 8:00 በፈረንጅ አቆጣጠር ሲሆን በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ልዩነቱ ስድስት ሰዓት ነው። በደብዳቤው ላይ AM የሚል ካለ ከእኩለ ሌሊት እስከ ቀትር ያለው ነው፤ PM ካለ ከቀትር በኋላ ያለው ነው። «ጠዋት 2 ሰዓት» ብሎ መጻፍ ይበቃል። ሰኞ ጠዋት 2 ሰዓት ኮምቦልቻ መገኘት ያለባት ልጅ ሰኞ ጠዋት ከካራቆሬ ብትነሳ አትደርስም ብላ ታስብ። እሑድ ሄዳ ማደር ይሻላታል። ሌላ ቦታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለበት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሥራውን በፈቃዱ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል። ስለዚህ በ12 ቀን ውስጥ ልምጣ ብሎ ቃል ከመግባቱ በፊት የዛሬ አሠሪውን ያስብ። አዲሱም ቤት ቢሆን መልቀቂያ አምጣ ማለቱ አይቀርም።

ደመወዙን በሚመለከት የልጅቱ አጎት የረሳው አንድ ነገር ነበር። 9,000 ብር ተባለ እንጂ በእጅ የሚገባው ስንት እንደሆነ አልተባለም። «ጠቅላላ ደመወዝ» የሚባለው ግብርና ጡረታ ሳይቆረጥ ነው። «የተጣራ» የሚባለው ተቆርጦ የሚቀረው ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ በተሻሻለው የገቢ ግብር አዋጅ መሠረት እንቁጠር። የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ቀጣዩ 2,000 ብር ከመቶ 15 ይከፍላል፤ 300 ብር። ቀጣዩ 3,000 ብር ከመቶ 20 ይከፍላል፤ 600 ብር። የቀረው 2,000 ብር ከመቶ 25 ይከፍላል፤ 500 ብር። ግብሩ በድምሩ 1,400 ብር ሆነ። የጡረታ መዋጮ ከሠራተኛው ከመቶ 7 ነው፤ 630 ብር። 9,000 ሲቀነስ 1,400፣ ሲቀነስ 630፣ 6,970 ብር ይቀራል። ቤት ኪራይና ምግብ የሚታሰበው ከዚህ ነው። ደብዳቤው ጠቅላላ ወይም የተጣራ ብሎ ካልለየ ይጠየቃል። ምንም ነውር የለበትም።

ሁለተኛው የሙከራ ጊዜው ነው። ደብዳቤው ሦስት ወር ይላል። አዋጅ 1156 ደግሞ የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም ይላል። የሥራ ቀን ማለት ሥራ የሚሠራበት ቀን ነው። በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀን አሥር ሳምንት ያህል ነው፤ በዓል ሲገባ ትንሽ ይገፋል። ሦስት ወር ግን ከዚህ ይረዝማል። ለምን ይጠቅማል ይሄ? በሙከራ ጊዜ አሠሪው ሠራተኛውን ለሥራው አልተስማማህም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ሊያሰናብት ይችላል። ሠራተኛውም እንዲሁ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሄድ ይችላል። ጊዜው ካለቀ በኋላ ግን እንደ ልብ ማሰናበት የለም። ስለዚህ በ60 ቀንና በሦስት ወር መካከል ያሉት ሳምንታት ለሠራተኛው ትልቅ ነገር ናቸው። ምናልባት ፋብሪካው በልማድ ጽፎት ይሆናል። በትሕትና ቢጠየቅ ያስተካክላል።

አሁን ወደ ማስረጃዎቹ እንምጣ። ልጅቱን እንቅልፍ የነሳት እሱ ነውና። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ በአጣዬና በአካባቢው ቃጠሎ በደረሰ ጊዜ ቤት ሲነድ ወረቀትም አብሮ ነደደ እንበል። የልጅቱ የትምህርት ማስረጃ ዋናው የለም። የቀራት በስልኳ ያነሳችው ፎቶግራፍ ብቻ ነው። ደብዳቤው «ዋናውና ኮፒው» ይላል። ምን ትጻፍ?

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ዝም ይላል። «ስደርስ እነግራቸዋለሁ» ይላል። ሰኞ ጠዋት በር ላይ ሲደርስ «ዋናውን አምጣ» ይባላል፤ ይመለሳል። ቦታው ይሄዳል፤ የመኪና ብር ይባክናል። አስቀድሞ ቢነገር ግን የሰው ኃይል ክፍሉ መላ ሊመታለት ይችላል። ለምትክ ማስረጃ የሚኬደው ወደ ተማሩበት ኮሌጅ ሬጅስትራር ነው። ሬጅስትራር የተማሪውን መዝገብ የሚይዘው ክፍል ነው። መዝገቡ እዚያ ካለ ምትኩ ይጻፋል። ልጅቱ ማመልከቻ አስገብታ፣ ማመልከቻው የገባበትን ቀንና ቁጥር የያዘ ወረቀት ተቀብላለች። ያ ወረቀት ራሱ ማስረጃ ነው፤ ከኢሜሉ ጋር ይላካል። ፋብሪካውም ከፈለገ ለሬጅስትራሩ ጽፎ «ይህች ልጅ እናንተ ጋ ተምራለች ወይ?» ብሎ ማጣራት ይችላል። የተጠፋፋ ወረቀት ያለው ሰው ይሄን መንገድ ራሱ ቢያመለክት ጥሩ ነው።

ሌላው ከባድ ጉዳይ ተያዥ ነው፤ ዋስ የምንለው። ዕቃ ወይም ገንዘብ ለሚረከብ ሠራተኛ ብዙ ድርጅት ዋስ ይጠይቃል። ዕቃ ቢጎድል ዋሱ ይከፍላል ማለት ነው። ልጅቱ አጎቷን ልትጠይቅ አስባለች። አጎቷ መምህር ነው፤ ደመወዝተኛ ነው። ታዲያ «እስከ ስንት ብር ነው የምዋሰው?» ብሎ ጠየቃት። ደብዳቤው አላለም። አጎቷ እዚህ ላይ በጣም ልክ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 መሠረት ዋሱ ቢበዛ እስከ ስንት ብር እንደሚዋስ በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው ዋጋ የለውም። ስለዚህ «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ ዋስ ነኝ» የሚል ወረቀት ላይ ማንም መፈረም የለበትም። የገንዘቡ ልክ በመልሱ ደብዳቤ ውስጥ ይጠየቅ። ዋሱ ከመሥሪያ ቤቱ ምን ዓይነት ደብዳቤ ማምጣት እንዳለበትም አብሮ ይጠየቅ። አንዳንዱ ድርጅት የዋሱን ደመወዝ የሚገልጽ ደብዳቤ ይፈልጋል። አጎትየው ከካራቆሬ ኮምቦልቻ ሁለት ጊዜ እንዳይመላለስ ነው።

አሁን መልሱን እንጻፍ። ጥሪው በእንግሊዝኛ ቢሆንም አንባቢው አማርኛ ካወቀ በአማርኛ መጻፍ ይቻላል። ልጅቱ ስትደውል «በአማርኛ ጻፊ፣ ችግር የለም» ብለዋታል። አዲስ ኢሜል አትከፍትም። የመጣላትን ደብዳቤ ከፍታ Reply የሚለውን ትጫናለች። እንዲህ ሲሆን የፊተኛው ደብዳቤ ከመልሷ በታች ይኖራል፤ ማንም «የምን ሥራ ነው?» አይላትም። ደብዳቤው ለሁለት ሦስት ሰዎች ተልኮ ከነበረ Reply all የሚለውን ብትጫን ሁሉም ያገኙታል። የምትጽፈው ይህን ነው፦

«ለሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል

ጉዳዩ፦ የረዳት ስቶር ኪፐርነት የሥራ ጥሪን መቀበሌን ስለማሳወቅ

ጥቅምት 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በኢሜል የላካችሁልኝ የሥራ ጥሪ ደርሶኛል። አመሰግናለሁ። ጥሪውን በተጻፈው መሠረት ተቀብያለሁ።

ሰኞ ኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ኖቬምበር 10 ቀን 2025፣ ጠዋት 2 ሰዓት ኮምቦልቻ በሚገኘው ፋብሪካ ተገኝቼ ሥራ እጀምራለሁ። ደመወዙ በወር 9,000 ብር መሆኑን ተረድቻለሁ።

እንዲብራራልኝ የምጠይቀው፦ ደመወዙ ጠቅላላ ነው ወይስ የተጣራ? የሙከራ ጊዜው በአዋጅ 1156/2011 እንደ ተመለከተው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው ብዬ ልያዘው? ተያዥ የሚሆነኝ ሰው የሚዋሰው እስከ ስንት ብር ነው? ከመሥሪያ ቤቱስ ምን ደብዳቤ ያምጣ?

ከዚህ ጋር መታወቂያዬን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሬን፣ የትምህርት ማስረጃዬን ኮፒና ለኮሌጁ ሬጅስትራር ያስገባሁትን ማመልከቻ አያይዣለሁ። ዋናው የትምህርት ማስረጃ በቃጠሎ ስለ ጠፋብኝ ምትኩን ጠይቄአለሁ። ምትኩ እስኪደርሰኝ በኮፒው ሥራ እንድጀምር እንዲፈቀድልኝ፣ ካስፈለገም ከኮሌጁ እንዲጣራ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ፎቶግራፍና የጤና ምርመራ ውጤቱን በመጀመሪያው ቀን ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር»

ከታች ሙሉ ስሟንና የስልክ ቁጥሯን ትጽፋለች። ደብዳቤው ይኸው ነው። ሰላምታ አላበዛንም፤ ድህነቷን አልዘረዘርንም። ጽሑፉን እንደ ገና እንየው። «ተቀብያለሁ» የሚለው ከጥያቄዎቹ በፊት ነው። ከጥያቄዎቹ አንዱም «ካልሆነ» የሚል ቃል የለበትም። የጠፋው ወረቀት አልተደበቀም፤ መፍትሔውም አብሮ ተጽፏል። «እንድጀምር እንዲፈቀድልኝ» አለች እንጂ «ካልፈቀዳችሁ» አላለችም።

አሁን ደግሞ ስለ ተያያዡ ነገር። ብዙ ሰው «አያይዣለሁ» ብሎ ጽፎ ሳያያይዝ ይልካል። ከመላክ በፊት የተያያዙት ወረቀቶች ስም ከጽሑፉ በታች መታየቱን ማየት ነው። ወረቀቶቹ በአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ስካን ቢደረጉ ይሻላል። ስካን ማለት ወረቀቱ በመሣሪያ ተነብቦ በኮምፒዩተር የሚቀመጥበት መንገድ ነው። በስልክ ከተነሳም ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ፣ በቀን ብርሃን፣ አራቱም ጠርዞች እየታዩ ይነሳ። የእጅ ጥላ ያረፈበት ማኅተም አይነበብም። እያንዳንዱ ፋይል ስም ይሰጠው፦ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ እያለ። ዋናው ወረቀት ግን በማንም እጅ አይላክም። ዋናው ታይቶ ይመለሳል እንጂ አይቀርም። ደግሞ በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ኢሜሏን የከፈተች ልጅ ስትወጣ ትዝጋው፤ የመታወቂያዋንም ፋይል ከዚያ ታጥፋ። የባንክ የምስጢር ቁጥርማ ለማንም አይላክም። ደመወዝ ለማስገባት የሚያስፈልገው የሒሳብ ቁጥር ብቻ ነው።

ከተላከ በኋላ Sent የሚለውን ክፍል ከፍታ መልሷ እዚያ መኖሩን ትይ። መስመር ሲቋረጥ ኢሜል Outbox በሚለው ውስጥ ተቀምጦ ሊቀር ይችላል። ያን ጊዜ አልሄደም። እኛ አገር ይሄ የሚናቅ ነገር አይደለም። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር እናስታውሳለን። ስለዚህ የመልስ ቀኑ ኖቬምበር 3፣ ማለት ጥቅምት 24 ከሆነ፣ እስከ 24 አይጠበቅም። ልጅቱ አርብ ጥቅምት 21 ላከች። መስመሩ እምቢ ቢል ኖሮ ደውላ ቃሏን ትሰጥ ነበር፤ በአጭር መልእክትም ስሟንና «ጥሪውን ተቀብያለሁ፣ ኢሜሉ መስመር ሲመጣ ይደርሳችኋል» ብላ ትልክ ነበር። የደወለችበትን ሰዓትና ያነጋገራትን ሰው ስም በደብተር መያዝም ይጠቅማል።

መልስ በሁለት የሥራ ቀን ካልመጣ ይደወላል። Spam የሚለው ክፍልም ይታያል፤ አንዳንድ ደብዳቤ እዚያ ይወድቃል። በምሳሌያችን ማክሰኞ ጥቅምት 25 ቀን መልስ መጣ። ደመወዙ ጠቅላላ ነው፤ የሙከራ ጊዜው 60 የሥራ ቀን ይሆናል፤ ዋሱ የሚዋሰው እስከ 50,000 ብር ነው፤ የትምህርት ማስረጃውን ምትክ እስከ ኅዳር መጨረሻ አምጪ የሚል ነው። አጎቷ «ሃምሳ ሺህ፤ እሺ፣ እሱን እችላለሁ» አለ።

ልጅቱ ጥሪውን፣ የራሷን መልስና ይህን ሦስተኛውን ደብዳቤ አሳተመች። ሦስቱንም ይዛ ትሄዳለች። ሰኞ ጠዋት የሥራ ውል ሲቀርብላት ከመፈረሟ በፊት ጎን ለጎን ታነባቸዋለች፦ የሥራው ዓይነት፣ የሥራው ቦታ፣ ደመወዙ፣ የሚከፈልበት ጊዜ፣ የሙከራው ቀን። ውሉ ላይ «ሦስት ወር» የሚለው የፊተኛው ቃል ሳይስተካከል ቢቀር ሦስተኛውን ደብዳቤ አውጥታ ታሳያለች። በጽሑፍ ውል ባይሰጧት ደግሞ አዋጁ እንደሚለው አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ እነዚህን ነገሮች የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጣት ይገባል። ከኅዳር 1 ቆጥራ፣ ኅዳር 16 ላይ በካላንደሩ ምልክት አድርጋለች።